ሦስት ልብስ ገዝቶ አሮጌውን ቁምሳጥን ማደስ፦ የሚባለውና እውነታው

"ሦስቱማ የታወቁ ናቸው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ኮት"

ለማን? እኔ ነጭ ሸሚዝ ሁለት አለኝ፤ ሦስተኛው ምን ያደርግልኛል? ምን እንደሚገዛ የሚነግራችሁ ቁምሳጥናችሁ ውስጥ ያለው ነው። ባለፈው መስከረም ያለኝን ሁሉ አልጋ ላይ ገለበጥኩት። የሚሆነኝን ብቻ ለየሁ፤ "ስቀንስ እለብሰዋለሁ" የምንለው ክምር አይቆጠርም፣ እሱ ልብስ ሳይሆን ተስፋ ነው። ከላይ የሚለበስ 8 ወጣ። ከታች 2 ብቻ፦ አንድ ጅንስና አንድ ባለካሬ ሱሪ።

ቀጥዬ ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚሄድ በወረቀት ጻፍኩ። ከ8ቱ 5ቱ አበባ ወይም መስመር አለባቸው፤ ባለካሬው ሱሪ ላይ ሲደረጉ መጋረጃና የአልጋ ልብስ የተጣሉ ይመስላል። ስለዚህ ባለካሬው የሚሄደው ከ3ቱ ጋር ብቻ ነው። ጅንሱ ከሁሉም ጋር ይሄዳል፣ ግን ቢሮ ጅንስ አይፈቀድም። በቃ፣ 8 ሸሚዝ ይዤ ለቢሮ የምለብሰው 3 ዓይነት ብቻ ነበር! ጠዋት ጠዋት "ልብስ የለኝም" እያልኩ የምነጫነጨው ለካ ውሸቴን አልነበረም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። በዚያ ሳምንት ልገዛው ዓይኔን የጣልኩበት ባለአበባ ሸሚዝ ነበር። ብገዛው ለቢሮ የሚጨምርልኝ ዜሮ ነው። ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ሱሪ ግን ከ8ቱም ጋር ይሄዳል፤ 8 ጨመረልኝ። ቡናማ ጉርድ ቀሚስ ከ7ቱ ጋር ሄደ። 3 የነበረው 18 ሆነ፣ ያውም ገና ሁለት ልብስ ገዝቼ። ሦስተኛው ከሁሉም በላይ የሚደረብ ግራጫ ኮት ነው፤ እሱን ሲደርቡት ትናንት የተለበሰውም ሌላ ይመስላል። ነገሩ የሚያጥራችሁ የትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ነው። ሱሪ የሞላው ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያድርግ፣ ሸሚዝ ይግዛ።

"ካላወቅክ ጥቁር ግዛ፣ ጥቁር ከሁሉም ጋር ይሄዳል"

ከአሮጌ ጥቁር ጋር ግን አይሄድም። ጥቁር ጨርቅ በታጠበና ፀሐይ ላይ በተሰጣ ቁጥር ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቡናማ ይሸሻል። አዲስ ጥቁር ሱሪ ከሦስት ዓመት ጥቁር ሸሚዝ ጋር ስታደርጉ ሸሚዙ የባሰ ያረጀ ይመስላል። ቁምሳጥናችሁን ልታድሱ ገብታችሁ አስረጃችሁት ማለት ነው። ሱሪውን ሰማያዊ ያደረግኩትም ለዚህ ነው፤ ቀለሙ የተለየ መሆኑ ስለሚታይ ማንም አያወዳድረውም። ጥቁር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ገልብጣችሁ እጠቡት፣ ገልብጣችሁ ጥላ ላይ አስጡት።

"ሳልባጅ ከሆነ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ዝም ብለህ አንሳ"

ቦንዳ ሲፈታ ከጥሩው ጋር የተጣለውም አብሮ ነው የሚወጣው። እኔ ኮቱን ከሳልባጅ ነው የገዛሁት፣ ግን ከመክፈሌ በፊት ወደ ደጅ ይዤው ወጣሁ። የሱቅ አምፖል ብዙ ነገር ይሸሽጋል። ብብቱን አየሁ፤ እዚያ የቀረ የላብ ቢጫ በቀላሉ አይለቅም። ሱሪ ከሆነ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበትን ቦታ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን ካሳለፈ ጨርቁ ሳስቷል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ።

"ንጹህ ሱፍ ነው እህቴ" ይላችኋል ሻጩ። ከውስጥ ስፌቱ ጠርዝ ከጨርቁ ራሱ ላይ አንድ ክር አስነቅሉና (አስፈቅዳችሁ፣ ከልብሱም ራቅ ብላችሁ) በክብሪት ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ወረቀት ወረቀት ከሸተተና አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ከሠራ ፖሊስተር ነው። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል። ፖሊስተር መጥፎ ነው አላልኩም፣ ለጉርድ ቀሚስ እንዲያውም ስለማይጨማደድ እመርጠዋለሁ። የሱፍ ዋጋ እንዳትከፍሉበት ነው።

"ትንሽ ቢሰፋም ቢጠብም ልብስ ሰፊው ያስተካክለዋል"

ቢሰፋ አዎ፣ እሱም በልኩ። ሱሪና እጅጌ ማሳጠር ቀላል ነው። ወገብ ማጥበብም ይቻላል፣ ግን ከኋላ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ሲገባ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ሊሳሳሙ ይደርሳሉ። ማስፋት ደግሞ ውስጥ በተረፈው ጨርቅ ይወሰናል። ገልብጣችሁ እዩ፤ ስፌቱ ዳር በኦቨርሎክ ተከርክሞ አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ከቀረ የሚሰፋ ነገር የለም። ቢሰፋም የድሮው የመርፌ ቀዳዳ መስመር ሠርቶ ይቀራል።

የኮት ትከሻ ግን አትንኩ። እጅጌው ተፈትቶ፣ ገበሩ ተፈትቶ፣ ስፖንጁ ወጥቶ ነው የሚሠራው፤ ጎበዝ ሰፊ ካልሆነ አበላሽቶ ይመልስላችኋል፣ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ከኮቱ የበለጠ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ ኮት በትከሻ፣ ሱሪና ጉርድ በዳሌ ልክ ይገዛል፤ ሌላው ይስተካከላል። የእኔ ኮት ትከሻው ልክክ ብሎ እጅጌው ግን ጣቴን ይሸፍን ነበር። እጅጌውን ማሳጠር አንድ ቀን ብቻ ነው የወሰደው።

"ያለውን ብር ለሦስት እኩል አካፍል"

ሱሪውን በሳምንት ሦስት ቀን እለብሰዋለሁ፣ ጉርዱን አንድ ቀን። ለምን እኩል ይሆናሉ? ያለኝ 4,500 ብር ነበር። ሱሪው 1,400፣ ጉርዱ 700፣ ኮቱ 1,900። የቀረችው 500 ለልብስ ሰፊ ሄደች፤ እሷን ከመጀመሪያው ካላስቀመጣችሁ ልብሱ ሳይስተካከል ተንጠልጥሎ ይከርማል።

"አዲሱንማ ለክት ላስቀምጠው፣ ለዘወትር ያሳዝናል"

ይሄኛው ቤታችን ሁሉ ያለ ነው። እናቴ ሳጥን ውስጥ ከካፉር ጋር የከረመ፣ እሷም የረሳችው ቀሚስ አላት። ችግሩ ተቀምጦም ልብስ ያረጃል። ሱፍን ብል ይበላዋል፣ የወገብ ላስቲክ ይደርቅና ሲሳብ አይመለስም። ቆዳ መሳይ ጃኬት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ፕላስቲክ ባይለበስም በእርጥበት ይበላሻል። አንድ እንዲህ ያለ ጃኬት ገዝቼ ለሠርግ ብዬ ሦስት ዓመት አስቀመጥኩት። ሠርጉ ቀን ለብሼው ታክሲ ገባሁ፣ ስወርድ ጥቁር ቅርፊቱ መቀመጫው ላይና አጠገቤ በተቀመጡት እናት ነጭ ነጠላ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ምንም አላሉኝም፣ ነጠላቸውን ብቻ አራገፉ።

ግራጫውን ኮት ከልብስ ሰፊው በተቀበልኩ ማግስት ለቢሮ ለበስኩት። ሰኞ ነበር።