ስኪንሄድ፣ ሬጌ እና የራስታ አነጋገር፦ በሁለተኛ ዓመት ድርሰቶች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ስኪንሄድ ማለት ጥቁር የሚጠላ ነጭ ጎረምሳ ነው።»

ይህ ምስል የመጣው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ናሽናል ፍሮንት የተባለው የእንግሊዝ ቀኝ አክራሪ ፓርቲ ከስኪንሄዶች መሀል አባላት ይመለምል ነበር። ፀጉርን በጣም አሳጥሮ ቡትስ የማድረጉ የስኪንሄድ ነገር የተጀመረው ግን ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በለንደን ድሃ ሰፈሮች የነጭ ወዛደር ልጆችና የጃማይካ ስደተኞች ልጆች ጎረቤት ነበሩ። ነጮቹ «ሩድ ቦይ» ከሚባሉት የጃማይካ ጎረምሶች አጠር ያለ ሱሪ ወሰዱ፤ ሙዚቃም ወሰዱ። በ1969 የጃማይካዊው ዴዝመንድ ዴከር ዘፈን በእንግሊዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ፣ ሬጌን ከልባቸው ከሚገዙት ነጮች ዋነኞቹ ስኪንሄዶች ነበሩ።

ግን ወደ ሌላው ጽንፍም አትሂዱ። ከእነዚሁ ልጆች ብዙዎቹ በዚያው ጊዜ የፓኪስታንና የህንድ ስደተኞችን መንገድ ላይ እያሳደዱ ይደበድቡ ነበር። የጃማይካን ሸክላ እየወደዱ እስያዊውን መምታት ለእኛ ግራ ያጋባል፤ ለእነሱ አላጋባም። ጃማይካዊው በሙዚቃውም በጭፈራውም የሰፈራቸው ልጅ ነበር፤ እስያዊውን ግን ባዳ አድርገው ነው ያዩት። ድርሰታችሁ ይህን ቅራኔ ካለሳለሰው ዋናውን ነገር ጣለ ማለት ነው።

«ወጣቶቹ በአለባበሳቸው ሥርዓቱን ታግለው አሸነፉ።»

ምን አሸነፉ? የወጣቶች ባህል ተመራማሪው ፊል ኮኸን በ1972 ስለ ምሥራቅ ለንደን ሲጽፍ የተነሳው ከቤት ነው እንጂ ከልብስ አይደለም። የቆዩት ቤቶች ፈርሰው ሰዎች ወደ ፎቅ ተዛወሩ። የወደብ ሥራ ቀነሰ። ዘመድና ጎረቤት የሚገናኝበት መንገድ፣ የጥግ ሱቅና መጠጥ ቤት ተበተነ። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ችግር ወረሱ፤ መልስ የሰጡት ግን በምልክት ነው። ሌላው ተመራማሪ ጆን ክላርክም ስኪንሄድነትን የጠፋውን ማኅበረሰብ «በምትሃት» መመለስ ብሎ ገልጾታል። ምትሃት ያለው ያለምክንያት አይደለም። ቡትስ ቤት አይሠራም፣ ሥራም አይቀጥርም።

ቡትሱን እንውሰድ። አባት የሚያደርገው ለሥራ ነው። ልጁ ግን ይወለውለዋል፣ እንዲታይለት ሱሪውን ከፍ ያደርጋል፣ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ይሄድበታል። ያው ጫማ የድካም ዕቃ መሆኑ ቀርቶ «እኔ የዚህ ሰፈር ወንድ ነኝ» የሚል ማስታወቂያ ሆነ። በድርሰት ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዕቃው ከየት መጣ? በፊት ማን ይለብሰው ነበር? አሁን ምን ተለወጠበት? የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር «ቡትስ»ን አውጥታችሁ «ኮፍያ» ብታስገቡበትም የሚሠራ ከሆነ፣ ስለ ቡትሱ ገና ምንም አላላችሁም። የእነ ክላርክም ትንታኔ ድክመት አለበት፤ ልብሱን በደንብ አነበቡ፣ ለባሹን ግን እምብዛም አልጠየቁም።

«ሴቶች በዚህ ውስጥ አልነበሩም።»

ነበሩ፤ ተመራማሪው መንገድ ላይ ቆሞ ስለሚያይ ነው ያልታዩት። በ1976 ተመራማሪዎቹ አንጄላ ማክሮቢና ጄኒ ጋርበር እንዳሉት ብዙ ልጃገረዶች ባህላቸውን የሚሠሩት መኝታ ቤታቸው ውስጥ ነው፤ ከጓደኛ ጋር፣ በሙዚቃ ማጫወቻና በግድግዳ ፎቶ።

«የራስታዎች አነጋገር የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው።»

የአራዳ ቋንቋ የሰማ ሰው ይህ ልክ እንዳልሆነ ለመገመት አይቸገርም። ራስታው ቃሉን የሚለውጠው ስለማይችለው አይደለም፤ ጆሮው የሰማውን ስላልወደደው ነው። በእንግሊዝኛ ጭቆና «ኦፕረስ» ነው። በጃማይካ አነጋገር መነሻው «አፕ»፣ ማለትም «ወደ ላይ» ይመስላል። የሚጨቁን ሰው ግን ወደ ታች ነው የሚገፋው፤ ስለዚህ «ዳውንፕረስ» ሆነ። መረዳት፣ «አንደርስታንድ»፣ ከሥር መቆም ስለሚመስል «ኦቨርስታንድ» ተባለ። «እኛ» ለማለት ደግሞ «አይ ኤንድ አይ»፣ እኔና እኔ ይላሉ። «አንተ» የሚባል ሌላ ሰው የለም፤ ሁሉም እኔ ነው።

ይህ ቋንቋ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1966 የጃማይካ ጉብኝት በኋላ በሬጌ ግጥሞች እየጎላ መጣ። አማርኛም ገባበት። «አቢሲኒያንስ» የተባለው ቡድን በ1969 የቀዳው ዘፈን መጠሪያ «ሳታ ማሳጋና» ነው። የእኛ ጆሮ «ሰጠ» እና «ምስጋና» ይሰማል፤ ሰዋስዉ ግን ትንሽ ይንገዳገዳል። ይህን አርሞ መሳቅ ቀላል ነው። ግን ዘፋኞቹ የፈለጉት በቅኝ ገዢው ቋንቋ ያልተነካ ቃል ነበር።

ተመራማሪው ዲክ ሄብዲጅ በ1979 ያነሳው ነጥብ እዚህ ጋ ይገጥማል። ሬጌ ራስታዎች ባቢሎን ስለሚሉት ጨቋኝ ሥርዓት፣ ስለ አፍሪካና ስለ ጥቁርነት መናገር ሲጀምር፣ ነጩ ስኪንሄድ ትናንት የሚጨፍርበት ሙዚቃ ውስጥ ቦታ አጣ። ምቱን ያውቀዋል። ንግግሩ ግን ከእሱ ጋር አልነበረም።