ጎይንግ ኮንሰርን እና ፕሩደንስ፦ አንደኛ ዓመት ክፍል ውስጥ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተማሪዎች፣ ዛሬ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን እናያለን። ጎይንግ ኮንሰርን፣ ማለትም ድርጅቱ ሥራውን ይቀጥላል የሚለው ግምት፣ አንዱ ነው። ሁለተኛው ፕሩደንስ ወይም ጥንቃቄ ነው። ትርጉማቸው መጽሐፋችሁ ላይ ስላለ እሱን አልደግምም። ፈተና ላይም፣ በኋላ ሥራ ላይም የሚጥላችሁ ትርጉሙ ሳይሆን ከትርጉሙ የምትነሡበት ድምዳሜ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ፣ ከሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ነው። እውነተኛ ድርጅት አይደለም፤ ቁጥሮቹንም ለትምህርቱ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሚከተለው ደንብ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. የተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደንብ ነው፤ አገራችን ይህን የተቀበለችው በአዋጅ ቁጥር 847/2006 እንደሆነ ታስታውሳላችሁ።

«ድርጅቱ ከከሰረ ጎይንግ ኮንሰርን አይደለም ማለት ነው።»

አይደለም። ድርጅታችን ዘንድሮ 70,000 ብር ከሰረ እንበል። ሠራተኞቹ አሉ፣ ሱፍ አቅራቢው በዱቤ ይሰጠዋል፣ ባንኩም ብድሩን አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ድርጅት ከርሞም ብርድ ልብስ ይሠራል። በተቃራኒው መጽሐፉ ላይ ትርፍ የሚያሳይ ድርጅት፣ ሽያጩ ሁሉ በዱቤ ስለሆነ ደመወዝ የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ አጥቶ ሊዘጋ ይችላል። ጥያቄው በሚቀጥለው ጊዜ ዕዳውን ጊዜው ሲደርስ መክፈል ይችላል ወይ ነው። ኪሳራ ለጥርጣሬ አንድ ምልክት ይሆናል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

«ማሽኑ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ካልጻፍን ሂሳቡ ውሸት ነው።»

ይህን የሚል ተማሪ በየዓመቱ አለ፤ ሐሳቡም ሞኝነት አይደለም። የሽመና ማሽኑ የተገዛው በ1,200,000 ብር ነው። ዕድሜው 10 ዓመት ነው ተብሏል። ሦስት ዓመት ሠርቷል። በየዓመቱ 120,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ሲያዝ ቆይቶ ዛሬ መጽሐፉ ላይ 840,000 ብር ቀርቷል። በጥድፊያ እንሽጠው ቢባል ግን 300,000 ብር እንኳ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ሚያዝያ ላይ በሬውን ለእርሻ ያዘጋጀ የምንጃር ገበሬ የቄራ ዋጋውን አይጠይቅም። ሊያርስበት እንጂ ሊያርደው አላሰበም። ድርጅቱም ማሽኑን ገና ሰባት ዓመት ሊሠራበት ነው። ስለዚህ ወጪውን በሚጠቀምበት ዓመታት ላይ ያከፋፍላል። ጎይንግ ኮንሰርን ባይኖር የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ነገር ራሱ ትርጉም ያጣል፤ ነገ ለሚዘጋ ድርጅት የሰባት ዓመት ቀሪ ዕድሜ ምን ይረባዋል?

ይህ ማለት ግን 840,000 የማይነካ ቁጥር ነው ማለት አይደለም። ገበያው ቀዝቅዞ ማሽኑ ወደፊት ሠርቶ ሊያስገኝ የሚችለውም፣ ቢሸጥ የሚያወጣውም ሁለቱም ከ840,000 በታች ከሆኑ፣ ልዩነቱ ኪሳራ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የሚነጻጸረው ከሁለቱ ከሚበልጠው ጋር ነው። የሽያጭ ዋጋው ብቻ መውረዱ አይበቃም።

«ፕሩደንስ ማለት ትርፍን በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጎ ማሳየት ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሰኔ 30 መጋዘን ውስጥ 400 ትልልቅ ብርድ ልብሶች አሉ። እያንዳንዱ 900 ብር ፈጅቷል። ሱፍ በተወደደበት ወቅት ስለተሠሩ ነው። አሁን ገበያው የሚከፍለው 850 ብር ነው። ለማጓጓዣና ለደላላ በአንዱ 30 ብር ይወጣል። እጃችን ላይ የሚቀረው የተጣራ የመሸጫ ዋጋ 820 ብር ነው። ደንቡ ከወጪውና ከተጣራው የመሸጫ ዋጋ ዝቅተኛውን ውሰዱ ይላል። ስለዚህ በአንዱ 80 ብር፣ በ400ው 32,000 ብር የዘንድሮ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። ዕቃው ገና አልተሸጠም፤ ኪሳራው ግን ከወዲሁ ታውቋል። ፕሩደንስ ሥራውን ሠራ።

አሁን «ጠንቃቃው» ሂሳብ ሠራተኛ ይመጣል። «ምን ይታወቃል፣ ገበያው ይብስ ይወድቅ ይሆናል» ብሎ በ500 ብር ይመዘግበዋል። ማስረጃ የለውም። ኪሳራው 160,000 ብር ይሆናል። ከርሞ 400ው በሙሉ እንደተጠበቀው ተሸጡ እንበል። ሽያጩ 340,000፣ የመሸጫ ወጪው 12,000፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ዋጋ ደግሞ 200,000 ብር ነው። 128,000 ብር ትርፍ ተገኘ! በትክክለኛው አመዘጋገብ ግን ከእነዚህ ብርድ ልብሶች ከርሞ የሚገኘው ትርፍ ዜሮ ነው።

አያችሁ፣ ዘንድሮ የተደበቀው 128,000 ብር ከርሞ ብቅ አለ። ሥራ አስኪያጁ ምንም ሳይሠራ ዓመቱ ያማረ መሰለ። ባንክም ሆነ ባለ አክሲዮን ቁጥሩን አይቶ «ድርጅቱ አገገመ» ይላል። በዛሬ ጥንቃቄ ስም የነገ ትርፍ ተጋነነ። በእኔ ግምት፣ ትርፍን በማጋነን ከሚሠራው ማጭበርበር ይልቅ ይህኛው ለመያዝ ይከብዳል፤ ሰውየው ጨዋ መስሎ ነውና የሚያደርገው።

ዓለም አቀፉ የደንብ አውጪ ቦርድም በዚሁ ጉዳይ ወዲያ ወዲህ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው፣ ደንቦቹ የሚመሠረቱበት ማዕቀፍ ፕሩደንስን ይዞ ነበር። በ2010 ከገለልተኝነት ጋር ይጋጫል ተብሎ ፕሩደንስ ከማዕቀፉ ተሰረዘ። በ2018 ተመለሰ። ሲመለስ ግን በግልጽ ተወስኖ ነው፤ እርግጠኛ ባልሆነ ነገር ላይ ስንፈርድ በጥንቃቄ እንፍረድ እንጂ ሀብትን ማሳነስም ሆነ ዕዳን ማጋነን አይፈቀድም።

«ሌላው ዕቃ ስለሚያተርፍ የአንዱ ኪሳራ ይካካሳል።»

ይህ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ነው። ድርጅቱ 500 ትናንሽ ብርድ ልብሶችም አሉት እንበል፤ ወጪያቸው 700 ብር፣ የተጣራ መሸጫቸው 1,000 ብር። በጅምላ ሲደመር ክምችቱ አትራፊ ነው። ደንቡ ግን በመደበኛነት ዓይነት በዓይነት ለይታችሁ አነጻጽሩ ይላል። የትናንሾቹ 150,000 ብር ትርፍ ሲሸጡ ይመዘገባል። የትልልቆቹ 32,000 ኪሳራ አሁኑኑ።

«ድርጅቱ ይቀጥላል ብሎ መገመት ራሱ ከጥንቃቄ ጋር ይጣላል።»

ጥያቄው ብልህ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ግን ግምቱ የሚመረመርበት ቦታ ላይ ነው። ከአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. ደንቦች አንዱ በሆነው በአይ.ኤ.ኤስ. 1 መሠረት ሥራ አመራሩ ሂሳቡ ከሚዘጋበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 12 ወር ወደፊት ማየት አለበት። እንይ።

ባለቤቱ ያቀረበው የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይህ ነው። ባንክ ያለው 90,000 ብር ነው። ከደንበኞች 1,150,000 ብር ይሰበሰባል። ለሱፍ፣ ለደመወዝና ለመብራት 1,000,000 ብር ይወጣል። ጥር ላይ የባንክ ብድር 600,000 ብር ይከፈላል። በተጨማሪ ከአንድ ሆቴል ትልቅ ትእዛዝ ይመጣል፣ ወጪው ተቀንሶ 450,000 ብር ይተርፋል ይላል። ሲደመር ዓመቱ መጨረሻ ላይ 90,000 ብር በእጅ ይቀራል። ሰላም ነው።

የሆቴሉ ውል የታለ? አልተፈረመም። «በቃል ተስማምተናል።» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ትእዛዙን ስናወጣው 90,000 የነበረው ቀሪ 360,000 ብር ጉድለት ሆነ። በዚያ ላይ የዓመቱ ድምር ወሩን ይደብቃል። ብድሩ የሚከፈለው ጥር ላይ ነው፤ ከደንበኞች የሚሰበሰበው ግን እስከ ሰኔ ድረስ የተበታተነ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ወር በወር አስቀምጡት። ጉድለቱ ጥር ላይ ከ360,000 ሊብስ ይችላል።

ፕሩደንስ ጎይንግ ኮንሰርንን አላፈረሰም። ግምቱ የቆመበትን መሬት ነው የመረመረው።

«ጥርጣሬ ከተገኘ ሂሳቡን እንደሚዘጋ ድርጅት እንሥራው።»

ተረጋጉ። ሦስት ደረጃ አለ። ከባድ ጥርጣሬ ከሌለ እንደተለመደው ይቀጥላል። የኛ ድርጅት ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ከባድ ጥርጣሬ አለ፣ ግን መውጫ መንገድም አለ። ሆቴሉ ሊፈርም ይችላል፣ ባንኩ ብድሩን ሊያራዝም ይችላል። እዚህ ሂሳቡ በጎይንግ ኮንሰርን ይሠራል። ማሽኑም 840,000 ላይ ይቆያል። ነገር ግን ማብራሪያ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ጥር ላይ 600,000 ብር እንደሚከፈል፣ ትእዛዙ እንዳልተፈረመ፣ በዚህም ምክንያት ድርጅቱ በመቀጠሉ ላይ ከባድ ጥርጣሬ እንዳለ በግልጽ ይነገራል። «የገበያ ተግዳሮቶች አሉ» ብሎ ማድበስበስ ማብራሪያ አይባልም።

ግምቱ የሚጣለው በሦስተኛው ደረጃ ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹ ለመዝጋት ሲወስኑ ወይም ከመዝጋት በቀር ተጨባጭ አማራጭ ሲያጡ። ያኔ ማሽኑ በጥድፊያ ሽያጭ ወደሚያወጣው ይወርዳል፤ ሂሳቡ በምን መሠረት እንደተሠራና ለምን እንደሆነም ይገለጻል።

«ሰኔ 30 ላይ ደህና ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው የከርሞ ጉዳይ ነው።»

ለአብዛኛው ነገር ልክ ናችሁ። ሐምሌ ላይ መጋዘን ቢቃጠል የሰኔ 30 ቁጥሮች አይነኩም፤ ከባድ ከሆነ በማብራሪያ ይገለጻል። ጎይንግ ኮንሰርን ግን ከዚህ ሥርዓት የወጣ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ሂሳቡ ገና ጸድቆ ሳይወጣ፣ ባንኩ አላራዝምም አለ፣ ሆቴሉም ሌላ አቅራቢ ያዘ፣ ባለቤቶቹም እንዝጋ ብለው ወሰኑ እንበል። ውሳኔው የነሐሴ ቢሆንም የሰኔ 30ው ሂሳብ በጎይንግ ኮንሰርን ሊወጣ አይችልም። በአይ.ኤ.ኤስ. 10 መሠረት እንደገና መሠራት አለበት፤ 840,000 ብር የነበረው ማሽንም ጭምር።