ስለ ፕሮጀክት ቻርተር በየስብሰባው የምሰማቸው ስህተቶች፣ በተለይ የስፖንሰሩ ጉዳይ

«የስፖንሰሩ ስም አለ፣ ፊርማም አለ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

ይሄን ስሰማ በጣም ነው የሚደክመኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቻርተር የሚበላሸው እዚሁ ጋ ነው። ቻርተር እኮ ፕሮጀክቱ በይፋ መጀመሩን ያሳውቃል፣ ከዛ ደግሞ ማናጀሩ የድርጅቱን ሰውና ገንዘብ እንዲጠቀም ስልጣን ይሰጠዋል። ስልጣኑ የሚመጣው ከፈራሚው ነው፣ ፈራሚው ደግሞ ስፖንሰሩ ነው፣ ማለትም ፕሮጀክቱን ከላይ ሆኖ የሚደግፈውና ትልልቅ ውሳኔ የሚወስንለት የድርጅቱ ሃላፊ። ፈራሚው ራሱ የማያዘውን ሰውና የማይፈቅደውን ገንዘብ ለማናጀሩ ሊሰጠው አይችልም፣ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር።

አንድ በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስድስት መጋዘን ያለው ድርጅት ነው፣ ዕቃ የሚገባውም የሚወጣውም በየዕቃው በሚያዝ የወረቀት ካርድ፣ በቢን ካርድ ነው የሚመዘገበው፣ ይሄን ወደ ሶፍትዌር ለማዞር ፕሮጀክት ተከፈተ። ነገሩ ሶፍትዌር ነው ተብሎ የአይቲ ሃላፊው ስፖንሰር ሆኑ። ሶፍትዌሩ በሰዓቱ ተገዛ፣ ተጫነ፣ እስከዛ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር ምክንያቱም ስራው በሙሉ እሳቸው በሚያዙት ክፍል ውስጥ ነበር። ከዛ የመነሻ ቆጠራ መጣ። ሲስተሙ ላይ የሚገባው የመጀመሪያ ቁጥር ልክ እንዲሆን እያንዳንዱ መጋዘን ለሁለት ቀን ዕቃ መቀበልና መስጠት አቁሞ መቆጠር አለበት፣ ቆጠራው ላይ ደግሞ የፋይናንስ ሰው መኖር አለበት። የመጋዘን ሃላፊዎቹ «በማን ትዕዛዝ ነው የምንዘጋው?» አሉ። ልክ ናቸው! አለቃቸው የኦፕሬሽን ምክትል ዳይሬክተሯ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ቻርተሩ ላይ ያሉት የባለድርሻ አካላት ዝርዝር ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ አይደለም። ፋይናንስም ሂሳብ የምንዘጋበት ጊዜ ነው፣ ሰው የለንም አለ። ማናጀሩ ለአይቲ ሃላፊው ይጽፋል፣ እሳቸው ለምክትሏ «በትብብር» እያሉ ይጽፋሉ፣ መልስ ይዘገያል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። በየሚቲንጉ የሚወቀሰው ማናጀሩ ነው፣ «ክትትል የለውም» ተባለ። እሱ ግን ቀድሞውኑ የሌለውን ስልጣን ነበር እየጠየቀ የነበረው።

የተፈታው ቻርተሩ ተሻሽሎ ሲወጣ ነው። ምክትል ዳይሬክተሯ ስፖንሰር ሆኑ፣ የአይቲ ሃላፊው የቴክኒኩ ስራ ሃላፊ ሆነው ቀጠሉ። ምክትሏ ፋይናንስን ስለማያዙ የፋይናንስ ሃላፊውም ፈረሙ፣ የፈረሙት ግን ለጠቅላላ ድጋፍ ሳይሆን «ለቆጠራው ቀናት ሁለት ሰራተኛ ከመደበኛ ስራቸው ነጻ አደርጋለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ስር ነው። የስልጣኑ ክፍል ደግሞ በግምት እንዲህ ተጻፈ፦

«መጋዘን ለቆጠራ የመዝጋት ትዕዛዝ የሚሰጡት ስፖንሰሯ ናቸው። ማናጀሩ እስከ በጀቱ 5% የሚደርስ የወጪ ለውጥና እስከ 10 የስራ ቀን የሚደርስ መዘግየት በራሱ ይወስናል። ከዚህ በላይ የሆነውን ስፖንሰሯ በ5 የስራ ቀን ውስጥ ይወስናሉ። የወጪ ለውጦቹ ተደምረው የበጀቱን 15% ካለፉ ጉዳዩ ለማኔጅመንት ኮሚቴ ይቀርባል። ፕሮጀክቱን የማቆም ስልጣን የስፖንሰሯ ነው።»

ቁጥሮቹ የዛ ድርጅት ናቸው፣ እናንተ ጋ ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። «ተደምረው» የሚለውን ግን እንዳትዘሉት። እሱ ከሌለ 4%፣ 4%፣ 4% እየተባለ አንዱንም ለውጥ ስፖንሰሩ ሳያየው በጀቱ ያልቃል። «በ5 የስራ ቀን» የሚለውም እንደዛው ነው፣ ስልጣን ሰጥታችሁ የውሳኔ ቀን ካላስቀመጣችሁ ማናጀሩ በር ላይ ቆሞ ነው የሚከርመው።

ትክክለኛ ስፖንሰር መያዛችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ፕሮጀክቱ ላይ በጣም ሊያከራክሩ የሚችሉ ሁለት ሶስት ውሳኔዎች አስቡ፣ የማንን ስራ ማስቆም፣ ከየትኛው ክፍል ሰው መውሰድ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ከየት ማምጣት። ለእያንዳንዱ «ይሄ ሰው በአንድ ደብዳቤ ያስፈጽመዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ተነጋግረው ይስማማሉ» ከሆነ ወይ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ ወይ ደግሞ የሌላውን ክፍል ሃላፊ በተወሰነ ነገር ላይ አስፈርሙ። በጣም ከፍ ማለትም ጥሩ አይደለም፣ ዋና ዳይሬክተሩን የሁሉም ፕሮጀክት ስፖንሰር ማድረግ የተለመደ ነው፣ ግን ለመወሰን ጊዜ የሌለው ሰው ስልጣን ከሌለው ሰው ብዙም አይለይም።

«ቻርተሩን ማናጀሩ ጽፎ ራሱ ይፈርመዋል»

ረቂቁን ቢጽፍ ምንም አይደለም፣ ብዙ ጊዜም እሱ ነው የሚጽፈው፣ የሚያወጣውና የሚፈርመው ግን ስፖንሰሩ ነው። ለራሱ ስልጣን የሚሰጥ ሰው የለም።

«ቻርተርና የፕሮጀክት ፕላን ያው ናቸው»

አይደሉም፣ ቻርተር ይቀድማል፣ ጥቂት ገጽ ነው፣ ዝርዝር ፕሮግራሙ በኋላ ነው የሚሰራው።

«የፕሮጀክቱ ዓላማ ሲስተም መዘርጋት ነው»

ሲስተሙ መሳሪያ ነው፣ ሲስተም ስለሌለው ብቻ ፕሮጀክት የሚከፍት ድርጅት የለም። የመጋዘኑን ጉዳይ ብንወስድ ዓላማው ካርዱ ላይ ያለውና መደርደሪያ ላይ ያለው ስለማይገጥም ያለ ዕቃ እንደገና እየተገዛ፣ አለ የተባለ ዕቃ ደግሞ ሲፈለግ እየጠፋ ስለሆነ ይሄን ማስቀረት ነው። ግቡ ደግሞ በቁጥር ይቀመጣል፦ ሲስተሙ በስድስቱም መጋዘን ስራ በጀመረ በ6 ወር ውስጥ በቆጠራ የሚገኘው ልዩነት ከ8% ወደ 2% ወይም ከዛ በታች ይወርዳል፣ የሚለካውም በውስጥ ኦዲት የናሙና ቆጠራ ነው። 8% የሚለው ከየት መጣ? ቻርተሩ ከመፈረሙ በፊት በሁለት መጋዘን ናሙና ተቆጥሮ ነው የተገኘው። መነሻውን ሳትለኩ «በ50% እንቀንሳለን» ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ከምን ተነስቶ እንደቀነሰ የሚያሳይ ሰው አይኖርም። ለኪውም ፕሮጀክቱን የሰራው ቡድን ባይሆን ይሻላል።

«ስኮፕ በኋላ ይጻፋል፣ ቻርተር ላይ ምን ያደርጋል»

ስኮፕ ፕሮጀክቱ የሚሰራውና የማይሰራው ስራ ነው፣ ዝርዝሩ አዎ፣ በኋላ ይጻፋል። ድንበሩ ግን እዚህ ነው መሰመር ያለበት፣ በተለይ ከፕሮጀክቱ ውጪ የሆነው። እዛ ድርጅት ግማሽ ላይ ግዢ ክፍል መጥቶ «የግዢ መጠየቂያውም በዚሁ ሲስተም ይግባልን» ብሎ ነበር፣ ጥያቄው ምክንያት አለው፣ ግን አብሮ በጀት አልመጣም። ማናጀሩ ለብቻው እንቢ ሲል ጸብ ይሆናል፣ የተፈረመውን ሲያሳይ ግን ጥያቄው ወደ ስፖንሰሯ ይሄዳል፣ መሄድ ያለበትም ወደዛ ነው። በተሻሻለው ቻርተር ላይ ውጪ የተባሉት የግዢ ጥያቄ፣ የሂሳብ መዝገብና የድሮ ካርዶችን ሲስተም ውስጥ ማስገባት ናቸው። ሶስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ሁሉም ሰው በየልቡ «የድሮውም ይገባል» ብሎ ነው የሚያስበው። ውጪ ካላችሁት ደግሞ እዛው አጠገቡ ሃላፊ ጻፉለት። እዛ ጋ «የድሮ ካርዶች በየመጋዘኑ ሃላፊ እጅ ይቆያሉ፣ ለኦዲት ሲጠየቁ ከዛው ይቀርባሉ» ተብሎ ተጽፏል፣ ኦዲተር ሲመጣም ካርዱን ፍለጋ ማናጀሩ ጋ የሚሄድ የለም።