ጥያቄን ማስቀደም ምንድን ነው? የተንዛዛ ኢሜይልን መልሶ ስለማደራጀት

ጥያቄን ማስቀደም ማለት ተቀባዩ እንዲያደርግ የሚፈለገውን ነገር በኢሜይሉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አስፍሮ፣ ምክንያቱንና የኋላ ታሪኩን ከዚያ በታች ማስከተል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጦር የጽሕፈት ደንብ ለምሳሌ ዋናው ነጥብ መግቢያው ላይ እንዲቀመጥ ያዛል። ከባዱ ነገር ደንቡን ማወቅ ሳይሆን፣ ተጽፎ ያለቀና የተንዛዛ ኢሜይልን ፊት ለፊት አድርጎ ምን ከምን እንደሚቀድም መወሰን ነው።

ኢሜይል የሚንዛዛው ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ነገሩ በደረሰበት ቅደም ተከተል ስለሚጽፈው ነው። መጀመሪያ ችግሩ ተፈጠረ፣ ከዚያ ይህ ተሞከረ፣ ከዚያ እገሌ ተጠየቀ፣ በመጨረሻ ይህ ቢደረግ ይሻላል ተባለ። ለጸሐፊው ይህ መንገድ ሐሳቡን ያጠራለታል፤ የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ቢወጣ ምንም አይደል። አንባቢው ግን ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ ስለሚያነብ የትኛው ዝርዝር ለውሳኔው እንደሚጠቅመው መለየት አይችልም። መጨረሻ ላይ ጥያቄው ሲገለጥለት ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና ያነባል፤ ወይም "በኋላ አየዋለሁ" ብሎ ይተወዋል።

እኛ ዘንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ልማድም ይጨመርበታል። ደብዳቤው "ጉዳዩ፦" የሚል መስመር አለው፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ ለጥያቄ አይገኝም። ሆኖም መስመሩ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው "ትብብር ስለመጠየቅ" ነው፤ ምን ዓይነት ትብብር እንደሆነ አይናገርም። ቀጥሎ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ይልና ታሪኩን ዘርዝሮ፣ ጥያቄውን "ስለሆነም" ብሎ የመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህ ቅርጽ ሳይለወጥ ወደ ኢሜይል ተሻግሯል።

በአንድ ምሳሌ እንየው። የአንድ ቢሮ ሠራተኛ ለፋይናንስ ኃላፊው የጻፈው ነው እንበል፦

> ርዕስ፦ ስለ ፕሪንተሩ ጉዳይ
>
> ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንደሚያውቁት ሁለተኛ ፎቅ ያለው ፕሪንተር ካለፈው ወር ጀምሮ ወረቀት እየያዘ ሲያስቸግረን ቆይቷል። መጀመሪያ የወረቀቱ ጥራት መስሎን ወረቀት ቀይረን ነበር፤ ለውጥ አልመጣም። ከዚያ ባለሙያ አስጠርተን ፊውዘሩ መቀየር አለበት ብሏል፤ ዋጋው 38,000 ብር ነው። ማሽኑ ግን ሰባት ዓመት ስላገለገለ ሌላ ክፍሉም በቅርቡ ሊበላሽ እንደሚችል ነግሮናል። ስለዚህ አዲስ ይሻላል ብለን ከሦስት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ሰበሰብን። የመጀመሪያው 92,000 ብር ቢሆንም ዕቃው የሚገባው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሁለተኛው 98,000 ብር ሆኖ ዕቃው በእጁ አለ፤ ሦስተኛው 110,000 ብር ነው። ሁሉም ቫትን ይጨምራል። የወሩ መጨረሻ እየደረሰ ስለሆነ የደመወዝ ሰነዶችን የት እንደምናትም አሳስቦናል። ሁለተኛው ድርጅት ፕሮፎርማው እስከ ዓርብ ብቻ እንደሚጸና ነግሮናል። በነገራችን ላይ የሦስተኛ ፎቁም ቀለም እያለቀ ነው። እንግዲህ ሁኔታውን አይተው አንድ ነገር ቢሉን ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ የሚሠራው ጥያቄውን መፈለግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው አካባቢ ይገኛል፤ "ቢሆን ጥሩ ነው"፣ "ቢታይልን"፣ "እንግዲህ" በሚሉ ቃላት ተሸፍኖ። እዚህም "አንድ ነገር ቢሉን" የሚለው ነው። ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አንስቶ ወደ ላይ መውሰድ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ምክንያቱም ጥያቄው ገና አልተጻፈም። ኃላፊው የሚሉት "አንድ ነገር" ምንድን ነው? ግዙ? አስጠግኑ? ሌላ ፕሮፎርማ አምጡ? ጸሐፊው የሚፈልገውን ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ድርጅት ዘንድ ያለው ማሽን እንዲገዛ ነው የሚፈልገው። ወረቀቱ ላይ ግን አላሰፈረውም። ስለዚህ ጥያቄው ማን፣ ምን እንዲያደርግ፣ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስቱን መልሶ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ሦስቱን መመለስ ካልተቻለ ችግሩ የቅደም ተከተል አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ ገና አልወሰነም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ኢሜይል ባይላክ ይሻላል።

ቀጥሎ የኋላ ታሪኩ ይደራጃል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥያቄውን ከላይ ለጥፈው የቀረውን እንደነበረ ሲተዉት ነው። ታሪኩ መከተል ያለበት አንባቢው ጥያቄውን እንዳነበበ በልቡ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ነው። የፋይናንስ ኃላፊ "98,000 ብር ፍቀዱልን" ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው "ለምን አሁን?" ነው፤ ከዚያ "ለምን ርካሹን አልመረጣችሁም?"፤ ከዚያ "አሮጌውን ማስጠገን አይሻልም?"። ማብራሪያውም በዚሁ ተራ ይሰደራል። ወረቀት ተቀይሮ ለውጥ አለመምጣቱ ከእነዚህ አንዱንም ስለማይመልስ ይወጣል። የሦስተኛ ፎቁ ቀለም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ራሱን የቻለ ኢሜይል ይጻፍለት። አብሮ ከሄደ ኃላፊው ስለ ቀለሙ ብቻ መልሰው ዋናውን ሊዘነጉት ይችላሉ፤ ቀላሉ ጥያቄ ሁልጊዜ ቀድሞ ይመለሳልና።

ተስተካክሎ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

> ርዕስ፦ ለውሳኔ፦ የ98,000 ብር የፕሪንተር ግዢ፣ እስከ ዓርብ ቀትር
>
> ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ፎቅ አዲስ ፕሪንተር ቫትን ጨምሮ በ98,000 ብር እንድንገዛ እስከ ዓርብ ቀትር እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ። ፕሮፎርማው ከዓርብ በኋላ አይጸናም፤ የዚህን ወር የደመወዝ ሰነዶች የምናትምበትም ማሽን የለንም።
>
> ከሦስት ፕሮፎርማዎች የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው 92,000 ብር ቢሆንም ዕቃው የሚገባው ከስድስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ለወሩ መጨረሻ አይደርስም። ሦስተኛው 110,000 ብር ነው።
>
> አሮጌውን ፕሪንተር ማስጠገን 38,000 ብር ይፈጃል፤ ሆኖም ማሽኑ ሰባት ዓመት ስላገለገለ ሌላ ክፍሉም በቅርቡ ሊበላሽ እንደሚችል ባለሙያው ነግሮናል።
>
> ሦስቱን ፕሮፎርማዎችና የባለሙያውን ሪፖርት አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።

ኃላፊው የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብበው "ተፈቅዷል" ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። ጥርጣሬ ካላቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። የዚህ አደረጃጀት ጥቅም ይኸው ነው፤ የት ጋ ማንበብ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው አንባቢው ይሆናል።

የርዕሱ መስመር ለብቻው ቢታይ ይገባዋል። "ስለ ፕሪንተሩ ጉዳይ" የሚለው ለቅሬታም፣ ለሪፖርትም፣ ለምስጋናም ሊሆን ይችላል። አዲሱ "ለውሳኔ" ብሎ ይጀምርና ገንዘቡንና ቀኑን ይናገራል። መልስ የማይፈልግ ከሆነ "ለመረጃ" ቢባል ተቀባዩ ያመሰግናል። በስልክ ለሚያነቡም አስቡ፤ ብዙ ጊዜ ሳይከፍቱት የሚታያቸው ርዕሱና የመልእክቱ የመጀመሪያ ጥቂት ቃላት ናቸው። እነዚያ ቃላት በሙሉ በሰላምታ ካለቁ ጥያቄው ከዕይታ ይወጣል። ሰላምታን መተው ግን በእኛ ዘንድ ብልግና ነው። አንድ "ጤና ይስጥልኝ" ይበቃል፤ የቤተሰብ ደኅንነት መጠየቅ ካለበትም ከታች፣ ከስንብቱ በፊት ይግባ።

ጥያቄን ማስቀደም ትእዛዝ ያስመስላል የሚል ሥጋት በተለይ ለአለቃ ሲጻፍ አለ። አክብሮቱ ግን ያለው በግሡ ቅርጽ ውስጥ ነው። "እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ" የትም ቢቀመጥ አክብሮቱን ይዞ ይሄዳል። "ቢፈቅዱልን" ብሎ አንጠልጥሎ መተው ትሕትና ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ጥያቄ ይሁን አስተያየት የማይለይ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ከዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ጋር ይያያዛል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ጥያቄው መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሆኖም ሊቀበር ይችላል። "ፕሪንተሩ ተበላሽቶ፣ ባለሙያ ተጠርቶ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ሁለተኛው የተሻለ ሆኖ በመገኘቱ እንዲፈቅዱልን" ብሎ የሚጀምር ሰው ጥያቄውን አስቀድሟል ብሎ ያስባል፤ አንባቢው ግን ያንኑ ታሪክ አልፎ ነው ግሡን የሚያገኘው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄውን፣ መጠኑንና ቀኑን ብቻ ይያዝ፤ ምክንያቱ ለሁለተኛው ይተው።

አንቀጾችን አገላብጦ ከጨረሱ በኋላ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ቦታ የለወጠ ዓረፍተ ነገር የድሮ ጎረቤቱን እየጠቆመ ይቀራል። "ስለዚህ" ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከላዩ ምክንያት ከሌለው ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። "ከላይ የተጠቀሰው" የሚባለው ነገር አሁን ከታች ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ባለቤቱን በውስጡ የያዘው ግሥ ነው። በመጀመሪያው ኢሜይል "ነግሮናል" የሚለው ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ ባለሙያው፣ ሌላው ድርጅቱ ነው። በቦታቸው እያሉ ግልጽ ነበሩ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ማን እንደተናገረ አይታወቅም። በተስተካከለው ላይ "ባለሙያው ነግሮናል" ተብሎ ባለቤቱ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ቀነ ገደቡም ሊያምታታ ይችላል። ተቀባዩ ውጭ አገር ያለ ወይም የውጭ ድርጅት ባልደረባ ከሆነ "ዓርብ 11 ሰዓት" አሻሚ ነው፤ እኛ ማምሻውን ማለታችን ሲሆን እሱ ከቀትር በፊት ሊመስለው ይችላል። ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። ምሳሌው ላይ "ቀትር" የተባለው ይህን ውዥንብር ስለሚያስቀር ነው።

ተቀባዮቹ ሁለት ከሆኑና ከእያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ከተፈለገ፣ ጥያቄዎቹ በየተቀባዩ ተለይተው ከላይ ይቀመጡ፤ "ፋይናንስ፦ ክፍያውን ማጽደቅ፤ ግዢ፦ ውሉን ማዘጋጀት" ተብሎ። "እባካችሁ ተባበሩን" የሚል የጋራ ጥያቄ ሁሉም ሌላው እንዲሠራው ይጠብቁበታል።

ይህ አደረጃጀት የማይሆንባቸው ጊዜያትም አሉ። የሐዘን መልእክት፣ ሰውን ከሥራ ስለማሰናበት የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ወይም ጥፋትን ለማመን የሚጻፍ ይቅርታ በጥያቄ አይጀመርም። ለማያውቁት ሰው በመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍም ማን እንደጻፈና ከየት እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጥያቄው ይቅደም፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ግን ተመልሶ መንዛዛት ይጀምራል።

የተንዛዛ የመልእክት ልውውጥ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም "ከታች ያለውን ይመልከቱ" ብሎ መላክ አይበቃም፤ አሥር ኢሜይል የመቆፈሩን ሥራ ወደ ተቀባዩ መግፋት ነው። ከላይ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ ከእርስዎ የሚፈለገው ይህ ነው፤ ማስረጃው የሚገኘው በዚህ ቀን በተላከው መልእክት ውስጥ ነው።