በጨዋታ መማር ምንድን ነው? እስከ ሃምሳ ቆጥራ አምስት ስኒ ያቃታት ልጅ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ከቤቱ ሴት ልጅ የተወለደች፣ አራት ዓመት ተኩል የሆናት ኤልኬጂ ተማሪ አለች። እናቷ «ለእንግዶቹ ቁጠሪላቸው» አለቻት። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ከ«ዋን» እስከ «ፊፍቲ» ሳትተነፍስ አወረደችው። አጨበጨብንላት።

ትንሽ ቆይቶ አያቷ ጀበናውን ከእሳት እያወረዱ «እስቲ የኔ ዓለም፣ አምስት ስኒ አምጪልኝ» አሏት። ሄደችና ሁለት እጇ የቻለውን ያህል ይዛ መጣች፤ ሦስት ነበሩ። «አምስት ናቸው?» ስላት «አዎ» አለችኝ። «እስቲ ቁጠሪያቸው» ስላት በጣቷ እየነካች «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» አለች፤ ልክ ናት። «እና ስንት ናቸው?» ብዬ ብጠይቃት እንደገና ከመጀመሪያው «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» ማለት ጀመረች። ምናልባት ቋንቋው ነው ብዬ በእንግሊዝኛውም «ፋይቭ» አምጪ አልኳት፤ አሁንም ያው ነው።

እናትየው አፈረች። የሚያሳፍር ነገር ግን የለውም። በጨዋታ መማር የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ልጅቷ የምታውቀው የቁጥሮችን ስም በቅደም ተከተል ነው፤ እንደ መዝሙር። የማታውቀው ደግሞ ስትቆጥር መጨረሻ ላይ የጠራችው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን ነው። የሕፃናትን አእምሮ የሚያጠኑ ሰዎች ይህንን የሚፈትኑት ልክ አያቷ ባደረጉት መንገድ ነው። ልጁ ፊት አሥር ወይም አሥራ አምስት ትንንሽ ነገር ይቀመጥና «አንድ ስጠኝ»፣ «ሁለት ስጠኝ»፣ «ሦስት ስጠኝ» ይባላል። ልጆች ይህንን የሚወጡት በደረጃ ነው። መጀመሪያ አንድን ብቻ በትክክል ይሰጣሉ፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቁ ዘግነው ያነሣሉ። ከወራት በኋላ ሁለትን፣ ቀጥሎ ሦስትን ይለያሉ። ከዚያ አንድ ቀን ነገሩ ይገለጥላቸዋል፤ የተጠየቁትን ማንኛውንም ቁጥር እየቆጠሩ ማውጣት ይችላሉ። ብዙ ልጆች እዚህ የሚደርሱት ሦስት ዓመት ተኩልና አራት ዓመት አካባቢ ነው፤ ዘግየት የሚሉም አሉ። እስከ ሃምሳ መሸምደድ ይህንን ደረጃ አያዘልልም፤ የሚደመጠው ሽምደዳው ስለሆነ ግን ጉድለቱን ይሸፍነዋል።

ወደ ስሙ እንምጣ። «በጨዋታ መማር» ሲባል ብዙ ወላጅ የሚገባው ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተለቀው ሲራወጡ መዋላቸው ነው። ያ ነፃ ጨዋታ ነው፤ ያስፈልጋል፣ ግን ብቻውን ሲሆን ልጅቷን አምስት ስኒ አያስቆጥራትም። እዚህ የማወራው ስለተመራ ጨዋታ ነው። መምህሯ ልጁ ምን እንዲማር እንደምትፈልግ አስቀድማ ታውቃለች፤ ዕቃውን የምትመርጠውና ሁኔታውን የምታዘጋጀው በዚያ መሠረት ነው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ልጁ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ስሙ ይለወጣል። ዓላማ የሌለው ከሆነ እረፍት ነው፤ ልጁ የማይወስንበት ከሆነ ደግሞ በመዝሙር የታጀበ ትእዛዝ ነው።

በእኛ አካባቢ እቃቃ የማይጫወት ልጅ የለም፤ የወሎ ልጅ ደግሞ እቃቃው ውስጥ ቡና ሳያፈላ አይውልም። የኬጂ መምህራን ሳሠለጥን ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚሁ ነው። የሚያስፈልገው ከሱቅ የተለቀመ ቆርኪ ወይም ከጭቃ የተሠሩ ስኒዎች፣ አንድ ካርቶን እንደ ረከቦት፣ አራት አምስት ልጅ። አንዷ ቡና አፍይ ትሆናለች። ስኒዎቹ ሆን ተብሎ ከእንግዶቹ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ወሳኙ እሱ ነው፤ አጠገቧ ከሆኑ አንድ በአንድ እያደለች ትጨርሳለች፣ ራቅ ካሉ ግን ስንት ይዛ መምጣት እንዳለባት አስባ መሄድ አለባት።

መምህሯ እንግዳ ሆና ትቀመጣለች። ልጅቷ ሦስት ስኒ ይዛ ስትመጣ «ተሳስተሻል» አትላትም። ዝም ብላ ትጠብቅና «እንዴ፣ እኔን ሳታጠጡኝ ልትሸኙኝ ነው?» ትላለች። ስሕተቱን የሚነግራት ባዶ እጁን የቀረው እንግዳ ነው። ልጅቷ ተመልሳ አንድ ታመጣለች፤ አሁንም አንድ ሰው ይቀራል፤ እንደገና ትሄዳለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መመላለሱ ይሰለቻትና ከመሄዷ በፊት እንግዶቹን በጣቷ መቁጠር ትጀምራለች። ማንም «ቁጠሪ» አላላትም። በዚህ ጊዜ መምህሯ አንድ ነገር ትጨምራለች፤ «አራት ነበርን፣ አሁን ደግሞ እማማ መጡ፤ ስንት ሆንን?» መጨረሻ ላይ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ ካርቶን ላይ «5» ተጽፎ እንደ ትእዛዝ ይሰጣታል። ምልክቱ የሚመጣው ሐሳቡ ከገባ በኋላ ነው። አብዛኛው ኬጂ ግን የሚጀምረው ከምልክቱ ነው፤ «5»ን አንድ ገጽ ሙሉ በማስጻፍ።

ቡና አፍይዋ ሌላም ነገር እየለመደች ነው። አቦሉ ሳያልቅ ቶና አይቀዳም፤ እሷ ራሷ ብትፈልግም ለእንግዳ ሳትሰጥ አትጠጣም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሰው ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያለው ይህንኑ ነው፤ ሚና ያለው ጨዋታ ሁሉ ደንብ አለው፣ ልጁም በጨዋታው ሲል በሌላ ጊዜ የማይገዛለትን ደንብ ፈቅዶ ይቀበላል። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ቢሏት አምስት ደቂቃ የማትቆየው ልጅ፣ ቡና አፍይ ስትሆን እስከ በረካ ትታገሣለች።

ቁጥርን በተመለከተ የማምነው ጥናት አለ። ራማኒና ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው ሳጥኖች በመስመር በተደረደሩበት የመጫወቻ ሰሌዳ ላይ አጫወቱ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ 1 ወይም 2 ይወጣል፣ ልጁ ጠጠሩን ያን ያህል ያራምዳል፣ ሲያራምድም ያለፈበትን ሳጥን ቁጥር ይጠራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጫወቱ። የትኛው ቁጥር እንደሚበልጥና የት ቦታ እንደሚውል የማወቅ ችሎታቸው ጨመረ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልጠፋም። በቁጥር ፈንታ ቀለም በተቀባ ሳጥን የተጫወቱት ግን ያን ለውጥ አላሳዩም። ስለዚህ ጨዋታ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ በቀጥታ መስመር መደርደሩና መጠራቱ ነው። ሰሌዳ ባይኖር አስፋልት ላይ በጠመኔ አሥር ሳጥን አስምሮ ይህንን መሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ጥንቃቄ፦ 3 ላይ የቆመ ልጅ 2 ቢወጣለት «አራት፣ አምስት» ይበል፤ «አንድ፣ ሁለት» ካለ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ታዲያ ወላጅ ለምን ደብተር ይጠይቃል? አልፈርድበትም። ወርሃዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው ማታ የሚያየው ነገር ይፈልጋል፤ ደብተር ይታያል፣ እቃቃ አይታይም። አንደኛ ክፍል ሲያስመዘግብ ፈተና የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። የእኔዋ ልጅ ራሷ አራት ዓመቷ ሳለ ከሠላሳ ሁለት ልጅ «19ኛ» የሚል ካርድ ይዛ መጥታ አታውቅ መሰላችሁ? ካርዱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

«እኛም የኔታ ዘንድ፣ እኛም ቁርአን ቤት በአራት ዓመታችን ገብተን ሰው ሆነናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን እዚያ እያንዳንዱ ልጅ የሚሄደው በራሱ ፍጥነት ነበር። ሀሁ ያልዘለቀው አቡጊዳ አይገባም፣ ሉሁን በቃሉ ያልያዘ አይታጠብለትም፤ ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቀጽላል፤ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚባል ነገርም የለም። ኬጂው የወሰደው በጋራ መጮሁን ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ ፍጥነት መጠበቁን ተወው።

ፊደሉን በተመለከተ ራሱ የአማርኛው ፊደል የሚያግዝ ነገር አለው። ልጅ ቃልን በጭብጨባ መከፋፈል ገና በአራት ዓመቱ ይችላል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከዚያ ጭብጨባ ጋር ይቀራረባል። ጀ-በ-ና ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል። ቡ-ና ሁለት፣ ሁለት። ችግሩ ሳድሱ ላይ ነው፤ «ሰፌድ» በጆሮ ሁለት ጭብጨባ ሲሆን ሦስት ፊደል አለው፣ «ወንበር»ም ሁለት ጭብጨባና አራት ፊደል። ጎበዝ መምህር የምትጀምረው እንደ ጀበና ካሉት ነው፤ ሳድስ የበዛባቸውን ታቆያለች። መጻፉ ደግሞ የእጅ ጉዳይ ነው። አራት ዓመት የሆነው ልጅ በአብዛኛው መስቀል መገልበጥ ይችላል፤ አራት ማዕዘን ወደ አምስት ሲጠጋ፣ ሦስት ማዕዘን ከዚያም በኋላ ነው የሚያምርለት። «ሰ»ን ከ«ሳ» የምትለየው የአንዲት እግር መርዘም ብቻ ናት። እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ፣ ወረቀቱን እስኪቀድ የሚጫን ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ጣቶቹ ገና ናቸው። ጭቃ መድቦልቦል፣ ዶቃ መሰካትና ባቄላ መፈልፈል ለዚያ ልጅ ከአራት ገጽ የቤት ሥራ ይበልጡበታል።

ይህ ሲባል ፊደል በጨዋታ ብቻ ይያዛል ማለቴ አይደለም። የፊደልን ስምና ድምፅ የሚነግረው ሰው ካልኖረ ልጁ ከየትም አያመጣውም፤ ለዚያ አጭርና ቀጥተኛ ትምህርት ያስፈልጋል፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የማስመሰል ጨዋታ ሁሉን ነገር ያሳድጋል የሚለው አባባልም ተጋኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሊላርድና ባልደረቦቿ ያሉትን ጥናቶች መርምረው ማስረጃው ከሚወራው እጅግ የሳሳ መሆኑን ጽፈዋል። ደግሞ ዜሮ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ያላትን መምህርት «ከአምስት ልጅ ጋር እቃቃ ተቀመጪ» ማለት ቀልድ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል የሚሠራው ልጆቹን በቡድን ከፍሎ፣ አንዱ ቡድን ብቻ መምህሯ ጋ ሲሆን ሌሎቹ ግቢ ውስጥ የለመዱትን ጨዋታ እንዲጫወቱ ማድረግ ነው፤ ተራው በየቀኑ ይዞራል።

የዚያች ልጅ እናት «ለከርሞ የትኛው ኬጂ ላስገባት?» አለችኝ። ስም አልጠራሁላትም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄደሽ መምህሯን «ልጆቹ አሁን የሚጫወቱት ምን እንዲማሩ ብለሽ ነው?» በያት አልኳት። «እስኪደክማቸው ነው» ካለች አንድ ነገር ነው። «እነዚያ ሁለቱ ከሦስት በላይ ሲሆን ይጠፋባቸዋል፤ ስለዚህ ስኒዎቹን ወዲያ አርቄያቸዋለሁ» ካለችሽ እዚያው አስመዝግቢያት።