የተቆረጠ ጥቅስ ስታዩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሦስት ነጥብ (…) ከሌለበት ጥቅሱ ሙሉ ነው።»

ሦስት ነጥብ ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ መሃል ላይ የወጣ ቃል እንዳለ። ከፊት ወይም ከኋላ የተቆረጠውን ግን አብዛኛው ሰው ምልክት አያደርግበትም። ብዙ ጋዜጣና መጽሔትም አያደርግም፤ ነውር ሆኖም አይቆጠርም። ስለዚህ ምልክት ስላጣችሁ ብቻ አትመኑት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ በእርግጥ እዚህ ነው ያለቀው?

አማርኛ ላይ ደግሞ ጥያቄው የባሰ ያስፈልጋል። የኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አሉታውም፣ «ይባላል» የሚለውም፣ «ብለው ይከሱናል» የሚለውም እዚያ ነው የሚቀመጠው። አንድ ምሳሌ ልፍጠር። አንድ ኃላፊ «የቀበሌ ቤት በሙሉ ይሸጣል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም» አለ እንበል። «ይሸጣል» ላይ ቁረጡት። «የቀበሌ ቤት በሙሉ ይሸጣል» ሆነ! ቃሉ ሁሉ ከሰውየው አፍ የወጣ ነው፣ አራት ነጥብ ተደርጎበት ሲለጠፍ ምንም የጎደለው አይመስልም፣ የተናገረው ግን ፍጹም ተቃራኒውን ነው።

እኔ አስደንጋጭ የሆነ አጭር ጥቅስ ሳይ ከመጨረሻው ቃል ቀጥዬ «የሚለው»፣ «ብለው»፣ «ቢሆንም»፣ «ቢመስልም» እያልኩ እሞክረዋለሁ። ከገጠመና ትርጉሙን ከገለበጠው፣ ዋናውን ሳላይ ለማንም አልልክም። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ሰው ሐሳቡን ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል። ድምፁ ተንጠልጥሎ ከተቋረጠ ገና የሚለው ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

«ቃል በቃል የተጠቀሰ ነገር ተዛባ አይባልም።»

ቻርለስ ዳርዊንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ 6ኛው ምዕራፍ በንድፈ ሐሳቡ ላይ ሊነሱ የሚችሉ ችግሮችን የሚዘረዝር ነው። እዚያ ስለ ዓይን ያነሳል። ሩቅና ቅርብ የሚያስተካክል፣ የሚገባውን ብርሃን የሚመጥን እንዲህ ያለ አካል በተፈጥሮ ምርጫ ተገኘ ማለት እጅግ የማይረባ ሐሳብ እንደሚመስል በግልጽ እንደሚያምን ይጽፋል። ይቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ተነጥላ «ዳርዊን ራሱ አላመነበትም» የሚል ርዕስ እየተለጠፈባት ስንት ዘመን ዞራለች።

ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን የሚጀምረው በ«ነገር ግን» ነው። ከቀላልና ጎደሎ ዓይን እስከ ረቂቁ ዓይን ድረስ እያንዳንዱ ለባለቤቱ የሚጠቅም ብዙ ደረጃ እንዳለ ማሳየት ከተቻለ፣ ችግሩ ለማሰብ ቢከብድም እውነተኛ ችግር እንደማይሆን ይከራከራል። ከዚያ ደረጃዎቹን በእንስሳት ዓይን እያሳየ ይቀጥላል። በዝግመተ ለውጥ ማመን አለማመን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውየው ራሱ ምን አቋም ነበረው የሚለው ግን የእምነት ጥያቄ አይደለም፤ ገጹን ገልጦ የሚታይ ነገር ነው።

ፍንጩ ደግሞ ከተቆረጠው ቁራጭ ውስጥ አለ። «ይመስላል» እና «በግልጽ አምናለሁ» የሚሉትን ተመልከቱ። ሰው እንዲህ የሚለው ለተቃዋሚው አንድ ነጥብ ሰጥቶ መልሱን ሊያመጣ ሲል ነው። «እርግጥ ነው»፣ «እውነት ነው»፣ «ልክ ነው ብዙዎች…» ብሎ የሚጀምር ጥቅስ «ግን» ሳይመጣ ካለቀ፣ ግኑ የት ሄደ በሉ።

«የሚቆረጠው ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለው መግቢያ ብቻ ስለሆነ ለውጥ አያመጣም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሁላችንም የምናውቀው ጥቅስ አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1963) ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉት ንግግር። አንዱ ዘር የበላይ፣ ሌላው የበታች ነው የሚለው ፍልስፍና ተንቆ እስኪጣል ድረስ… የሚለው ቦታ። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1976 «ዋር» ብሎ ዘፍኖታል። ዛሬ በፖስተር፣ በቲሸርት፣ በፌስቡክ ሁሉ አለ። (ሐሳቡን በራሴ አማርኛ ነው የማስቀምጠው።)

ጥቅሱ አብዛኛውን ጊዜ «እስኪ… ድረስ» ከሚለው ይጀምራል። ንግግሩን ስታነቡት ግን ይሄ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አይደለም። ከፊቱ አንድ መስመር አለ። የዘር መድልዎን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባው ጉባኤ ለመማር ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ ይህን ተጨማሪ ትምህርት አስተምሯል ይላሉ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ነው «እስኪ… ድረስ» የሚመጣው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! የአዲስ አበባው ጉባኤ ማለት ከጥቂት ወራት በፊት፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ስብሰባ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚናገሩት እንደ አንድ ነቢይ ብቻቸውን ቆመው አልነበረም። የአፍሪካ መንግሥታት ቁጭ ብለው የተስማሙበትን ነገር ይዘው ሄደው ለዓለም እያስረዱ ነው። ያቺ አንዲት መስመር ስትቆረጥ ጉባኤው በሙሉ ከታሪኩ ይወጣል፤ የብዙዎች ድምፅ የአንድ ሰው ድምፅ ይሆናል። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የጠፋው ነገር የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ስለዚህ ከፊት የሚጠየቀው፦ ይሄ የማን ሐሳብ ነው ተብሎ ነበር የቀረበው? የራሱ ነው፣ የሌላ ሰው ነው፣ ወይስ ሊቃወመው ያነሳው ነው? ጥቅሱ «ስለዚህ»፣ «ይህም»፣ «እነዚህ» እያለ ከጀመረ ደግሞ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ የሚያመለክተው ነገር ከላይ ቀርቷል።

«ከኋላ የቀረው ያው የተባለውን ማጠናከሪያ ነው።»

ከዚያው ንግግር ሳንወጣ እንየው። ጥቅሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው አፍሪካውያን የግድ ከሆነ እንደሚዋጉ፣ ደግም በክፉ ላይ ድል እንደሚያደርግ በሚናገሩበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ሲቆም የጦርነት አዋጅ ይመስላል። ዘፈኑን የሰማ ሰው ደግሞ «በየቦታው ጦርነት ነው» የሚለውም የሳቸው ቃል ይመስለዋል። አይደለም፤ እሱ የዘፈኑ ነው። እሳቸው በዚያ ቦታ ያሉት፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የዘላቂ ሰላም ሕልም ቢከተሉት የማይደረስበት ቅዠት ሆኖ ይቀራል የሚል ነው።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ግን ከፖስተሩ ላይ የለም። እዚያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መድልዎን ለማጥፋት ላደረገው ነገር ያመሰግናሉ። ከዚያ «ግን ከዚህ በላይ ማድረግ ይቻላል» ይሉና ዋናውን ነገር ያመጣሉ። የዘር መድልዎና የቅኝ ግዛት መሠረቱ ኢኮኖሚ ነው፣ የሚሸነፈውም በኢኮኖሚ መሣሪያ ነው ይላሉ። የአፍሪካ መንግሥታት በአዲስ አበባው ውሳኔ መሠረት የጀመሯቸውን የኢኮኖሚ እርምጃዎች ሁሉም አባል አገር እንዲቀላቀል በቀጥታ ይጠይቃሉ። ፖርቱጋልና ደቡብ አፍሪካ ክብር ያለው አማራጭ ካላቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ ብለው እንደማያምኑም ይጨምራሉ።

ንግግሩ ማስጠንቀቂያ አለው፣ ግን ማስጠንቀቂያው ወደ አንድ የተለየ ጥያቄ የሚያደርስ መንገድ ነበር። ጥያቄው ሲቆረጥ ማስጠንቀቂያው ብቻውን ቀረ። ከኋላ የሚጠየቀውም ይሄ ነው፤ ተናጋሪው ይህን ብሎ ሲያበቃ ምን እንዲደረግ ነው የፈለገው?

«እንግዲያው ያሳጠረ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።»

አይደለም። ማንም ሙሉ ንግግር አይጠቅስም፤ ጋዜጠኛም፣ ሰባኪም፣ እኔም እዚህ ጽሑፍ ላይ አሳጥሬአለሁ። ዘፈን ደግሞ ዜማና ልክ አለው፣ ዘፋኙንም በዚህ አልወቅሰውም። መጠየቅ ያለበት ባለቤቱ ቁራጩን ቢያየው «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» ይል ነበር ወይ ነው። ካለ ማሳጠር ነው። «ቆይ፣ ቀጥሎ ያልኩትስ?» የሚል ከሆነ ተዛብቷል፣ ሆን ተብሎ ይሁን ሳይታወቅ።

«የመጽሐፉ ገጽ ፎቶ እኮ ነው፣ እንዴት ይቆረጣል?»

ፎቶም ይቆረጣል። ጠርዙን እዩት፤ የገጹ ቁጥር ይታያል? ከላይ ያለው መስመር ከመሃል ዓረፍተ ነገር ነው የሚጀምረው? በቢጫ የተቀለመው ብቻ ዓይናችሁን እንዳይስበው፣ ካልተቀለመው አንብቡ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ፎቶ ላይ፣ ከቀለሙ ሁለት መስመር በታች ነው። ርዕሱንም አትርሱ፤ ክፍሉ «የተቃዋሚዎች ክርክር» የሚል ከሆነ ጸሐፊው እየተናገረ ያለው በሌሎች አፍ ነው።

«ጎግል ላይ ብዙ ቦታ እንዲሁ ስላገኘሁት ትክክል ነው።»

ያገኛችኋቸውን ገጾች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ሁሉም ከአንድ ቃል ጀምረው አንድ ቃል ላይ የሚያልቁ ከሆነ ብዙ ምስክር አላገኛችሁም፤ አንድ ሰው የቆረጠውን ሌሎች ቀድተውት ነው። የሚጠቅማችሁ ከዚያ ቃል አልፎ የሚቀጥል ገጽ ነው።

እሱን ለማግኘት ከጥቅሱ ውስጥ ታዋቂውን ክፍል አትፈልጉ። ብዙም የማይጠቀሰውን ስድስት ሰባት ቃል ያህል ውሰዱና በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። የተተረጎመ ከሆነ በአማርኛ ብቻ ብትፈልጉ ቅጂዎቹን ብቻ ታገኛላችሁ፤ በመጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ ሞክሩ። ንግግር ከሆነ የተናገሩበትን ቦታና ቀን ጨምሩበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለምሳሌ የንግግሮችን ሙሉ ቃል መዝግቦ ያስቀምጣል፣ የብዙ አገር ፓርላማም እንዲሁ። ቪዲዮ ከሆነ ረዘም ያለውን ቅጂ ፈልጉና ቁራጩ ከሚጀምርበት ሁለት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ካጣችሁት የለጠፈውን ሰው ጠይቁት። «ከየት አገኘኸው? ገጹ ስንት ነው?» በሉት። ገጽ ከነገራችሁ ሄዳችሁ ታያላችሁ። ሌላ ሰው የለጠፈውን ሊንክ ከላከላችሁ ግን እሱም ዋናውን አላየውም፤ እዚያ ላይ የተለጠፈው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው የሚቀረው።