የቋንቋ ፈተና ውጤት ለሙያ ፈቃድ፦ «ሁለት ዓመት» የሚቆጠረው እስከ መቼ ነው?

ስለ እንግሊዝኛ ፈተናው «አይኤልትስ ሁለት ዓመት ያገለግላል» ይባላል። ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። መነሻው ግልጽ ነው፦ ቆጠራው የሚጀምረው ፈተናው ከተወሰደበት ቀን እንጂ ውጤቱ ከደረሰበት ቀን አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ማብቂያው ላይ ነው። ሁለቱ ዓመት መሙላት የሌለበት ማመልከቻው እስኪገባ ነው? ፋይሉ እስኪጠናቀቅ? ወይስ ፈቃዱ እስኪሰጥ? መልሱን የሚወስነው ፈታኙ ሳይሆን ውጤቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ነው። ለዚህ ነው ያው አንድ ወረቀት አንዱ አገር አልፎ ሌላው አገር የሚወድቀው።

የሁለት ዓመቱ ገደብ ምክንያቱ ቀላል ነው። በትምህርት የተገኘ ሁለተኛ ቋንቋ ካልተጠቀሙበት ይደክማል። አይኤልትስን የሚያዘጋጁት ተቋማት ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ውጤት ባይቀበሉ ይሻላል የሚል ምክር ለተቀባዮች ይሰጣሉ። ተፈታኙ ቋንቋውን እየተጠቀመ መቆየቱን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው ይላሉ። የሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና የቶፍል አዘጋጅ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ሁለት ዓመት ያለፈውን ውጤት ጭራሽ ለማንም አይልክም።

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው የአውስትራሊያ የነርሶች ምዝገባ ነው። እዚያ የጤና ባለሙያዎችን የሚመዘግበው አካል አፕራ ይባላል። ለነርሶች የቋንቋ መስፈርቱን የሚያወጣው የነርሶችና አዋላጆች ቦርድ ነው። ከ2025 መጋቢት ወር (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚጠየቀው አካዳሚክ አይኤልትስ በአጠቃላይ 7፣ በማዳመጥ፣ በማንበብና በመናገር 7፣ በመጻፍ ደግሞ 6.5 ነው። የመጻፉ ነጥብ ቀድሞ 7 ነበር። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ስለነበር የግማሽ ነጥቧ ቅናሽ ቀላል አይደለችም።

ውጤቱ የምዝገባ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተገኘ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ቁልፉ ቃል «የምዝገባ ማመልከቻ» ነው። ከኢትዮጵያ ዲግሪ የያዘች ነርስ አብዛኛውን ጊዜ በምትሄድበት መንገድ ይህ ማመልከቻ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ የራስን ብቃት ማጣሪያ ትሞላለች። ከዚያ የትምህርትና የማንነት ማስረጃዎቿ ይታያሉ። ቀጥሎ ኤንክሌክስ የሚባለው በኮምፒውተር የሚሰጥ የነርስነት እውቀት ፈተና አለ። እሱን ካለፈች በኋላ ኦስኪ የሚባለውን የተግባር ፈተና አውስትራሊያ ሄዳ ትፈተናለች። ማመልከቻው የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የእኛ ሰው ግን በተቃራኒው ይጀምራል። «መጀመሪያ አይኤልትሱን ልገላገለው» ይላል። ልማዱ የመጣው ከስኮላርሺፕ ይመስለኛል፤ እዚያ ያለ ቋንቋ ውጤት ምንም አይንቀሳቀስም። እዚህ ግን ልማዱ ዋጋ ያስከፍላል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የሐዋሳ ነርስ ጥር 20 ቀን 2024 አይኤልትስ ተፈትና የሚፈለገውን አገኘች እንበል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ወረቀቱም ላይ የሚታተመው እንደዚያ ነው። ውጤቷ እስከ ጥር 2026 ያገለግላታል። ማስረጃዎቿን ከኮሌጅና ከመሥሪያ ቤት አሰባስባ እስኪታዩላት ዓመቱ ሊገባደድ ደረሰ። ለኤንክሌክስ አጥንታ በ2025 አጋማሽ አለፈች። ለኦስኪ ወንበር መያዝና የጉዞ ቪዛ ማግኘት ደግሞ ወራት ወሰደ። በየካቲት 2026 ኦስኪን አልፋ ማመልከቻውን ልትሞላ ስትቀመጥ የቋንቋ ውጤቷ ካለፈ ሳምንታት ሆነውታል። ከባዶቹን ሁለት ፈተናዎች አልፋ በቀላሉ ፈተና ላይ ትቆማለች። እንደገና መፈተን፣ እንደገና መክፈል፣ እንደገና መጠበቅ ነው።

ያቺው ነርስ ኤንክሌክስን አልፋ ኦስኪ በምትጠብቅበት ጊዜ አይኤልትስ ብትቀመጥ ኖሮ ውጤቱ ማመልከቻው ሲገባ ገና ትኩስ ነበር። በአንዱ ክፍል ብትወድቅም ለመድገም ጊዜ ይኖራታል። በ12 ወር ውስጥ የተወሰዱ ሁለት ፈተናዎችን ማጣመር ስለሚቻል፣ መጻፉን ከአንዱ መናገሩን ከሌላው መውሰድ ትችላለች። ነገር ግን ለማጣመር የራሱ ዝቅተኛ ነጥብ አለው። ሁለቱም ውጤቶች ደግሞ በሁለት ዓመቱ ውስጥ መሆን አለባቸው፤ መጀመሪያ የሚያረጀው የመጀመሪያው ነው።

ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ውጤት አውስትራሊያ ውስጥ የሚድንበት መንገድም አለ። ፈተናውን በወሰደች በ12 ወር ውስጥ፣ እንግሊዝኛ ዋና ቋንቋ በሆነበት ቦርዱ በሚያውቀው አገር፣ በተመዘገበ የጤና ባለሙያነት ሥራ ጀምራ ሳታቋርጥ ከቆየች ውጤቱ ይያዝላታል። ቦርዱ ያጸደቀውን ትምህርት ሳያቋርጡ መማርም እንደዚሁ ነው። ሥራው ወይም ትምህርቱ ካለቀ ግን በ12 ወር ውስጥ ማመልከት ግድ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ መሥራት ለዚህ አይቆጠርም፤ አገሮቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አዲስ አበባም እንደዚያው። «ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው» የሚለውም ብቻውን አያድንም፤ የተማሩበት አገር ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለበት።

በዚህ በኩል የሚመጣ ሰው የሥራ ደብዳቤው ላይ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን በግልጽ መጻፍ አለበት። «ከ2023 ጀምሮ» የሚል ደብዳቤ 12 ወሩ ውስጥ መጀመሩን አያሳይም።

አሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለሥራ ቪዛ የሚመጣ የውጭ ነርስ ቪዛስክሪን የሚባል ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚጠይቀው በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። የቋንቋ ውጤቱ እዚህም ሁለት ዓመት ነው የሚኖረው። ሰርተፍኬቱ ራሱ ግን አምስት ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ውጤቱ ሳያረጅ ሌሎቹ ማስረጃዎች ተሟልተው ሰርተፍኬቱ ከተሰጠ፣ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ቢያረጅም የሚታየው ሰርተፍኬቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘገየው ደግሞ የተማሩበት ተቋም በቀጥታ መላክ ያለበት ትራንስክሪፕት ነው። ሬጅስትራር የሚያዘገይ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን አስልኮ በኋላ ቢፈተን ይሻለዋል።

ካናዳ ደግሞ ሁለት ቀኖችን ታያለች። ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የቋሚ ነዋሪነት መንገድ የሚያመለክት ሰው የቋንቋ ውጤቱ ፕሮፋይሉን ሲሞላም ሆነ የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻውን ሲያስገባ ያላለፈበት መሆን አለበት። የትምህርት ማስረጃ ግምገማው አምስት ዓመት ይቆያል። ሁለቱን አንድ ላይ ያወጣ ሰው «ሰነዴ ሙሉ ነው» ብሎ ሲጠብቅ ከሥር የቋንቋው ያልቅበታል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ቢያልፍ ግን ችግር የለውም።

ጀርመን ውስጥ የጎተ ወይም የቴልክ የጀርመንኛ ሰርተፍኬት ላይ ማብቂያ ቀን አይታተምም። ይህ ግን ለዘላለም ያገለግላል ማለት አይደለም፤ ኤምባሲውም ሆነ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ የቆየ ነው ብሎ አዲስ ሊጠይቅ ይችላል። ለሐኪሞች ደግሞ ከአጠቃላይ ጀርመንኛው ሌላ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለ፤ ከታካሚ ጋር ማውራት፣ ሪፖርት መጻፍና ከሐኪም ጋር መወያየት ይፈተንበታል። ፈቃዱን የሚሰጡት ክልሎች ስለሆኑ፣ አንዱ ክልል የተቀበለውን ይዞ ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት የዚያኛውን ቢሮ በኢሜይል መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው።